ሕፃኑ አያቱን አይቶ ለምን አለቀሰ?

በአራት ወሩ ለመጣው ሁሉ ይስቅ የነበረ ልጅ፣ በስምንተኛው ወር ከገጠር የመጡት አያቱ እጃቸውን ሲዘረጉለት ጮኾ እናቱ አንገት ላይ ይጠመጠማል። አያት ቅር ይላቸዋል፣ እናት ታፍራለች። ልጃችሁ ግን አልባለገም፤ አድጎ ነው።

ሕፃን የእናቱን ድምፅና ጠረን የሚለየው ገና በተወለደ በቀናት ውስጥ ነው። ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ ደግሞ የሚያውቀውን ፊት በአእምሮው ይዞ ከፊቱ ካለው ጋር ማስተያየት ይጀምራል። አልገጥም ሲለው ይፈራል። መዳህ የሚጀምረውም በዚሁ ሰሞን ስለሆነ፣ ፍርሃቱ ከእናቱ ርቆ እንዳይሄድ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ አያት መጀመሪያ ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ ትክ ብለው ሳያዩት ከእናቱ ጋር ይጨዋወቱ። ሕፃኑ አንዴ እንግዳዋን፣ አንዴ የእናቱን ፊት ያያል። እናት ዘና ካለች እሱም ይረጋጋል። ቆይተው ማንኪያ ቢዘረጉለት ራሱ ሊቀበል ይችላል፤ መታቀፉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ከእቅፍ መንጠቅ ፍርሃቱን ያብሰዋል።

ብዙ ልጆች ሁለት ዓመት እስኪሞላቸው እየተዉት ይሄዳሉ፤ ከነጭራሹ የማያለቅሱም አሉ። በ9 ወሩ ወላጆቹን ከሌላ ሰው የማይለይ፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ልጅ ግን ለሐኪም ይታይ።