መቀመጫው ከመገዛቱ በፊት ሜትር ይዘርጋ

የሽንት ቤት መቀመጫ ሊቀይር የተነሳ ሰው ሱቅ ገብቶ የሚያማርጠው ቅርጹን፣ ቀለሙንና ዋጋውን ነው። ችግሩ የሚታየው ቤት ሲደርስ ነው፤ የውሃ ታንኩ ግድግዳው ላይ ቀድሞ ያርፍና የመቀመጫው መውጫ ቧንቧው አፍ ላይ አልደርስ ይላል። ቧንቧው በሲሚንቶ ተቀብሯል፣ መቀመጫውም ተቆርጦ አይስተካከልም።

በቅድሚያ መታየት ያለበት ፍሳሹ የሚወርደው ወደ ወለል ነው ወይስ ከኋላ ወደ ግድግዳ የሚለው ነው።

ወደ ወለል ከሆነ የሚለካው ከግድግዳው እስከ ቧንቧው መሐል ያለው ርቀት ነው። ሜትሩ የሚነሳው ከግድግዳው ሴራሚክ እንጂ ከዞኮሎው አይደለም። አሮጌው መቀመጫ ተነስቶ ከሆነ መሐሉን በዓይን መገመት አያስፈልግም። የቧንቧው ቅርብ ጠርዝ ከግድግዳው 24.5፣ ሩቅ ጠርዙ 35.5 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው እንበል። ሁለቱ ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 30 ይመጣል፤ ሱቅ ይዘው የሚሄዱት ቁጥር ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ልክ 12 ኢንች፣ ማለትም 30.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ መቀመጫውን ከወለሉ ጋር የሚያስሩት ሁለት ብሎኖች ከቧንቧው መሐል ጋር ትይዩ ስለሚሆኑ፣ አሮጌው ሳይነሳ ከግድግዳ እስከ ብሎኖቹ መለካት ይቻላል።

በዚህ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ለ22 የተሠራ መቀመጫ ቢገዛ ይገጠማል፤ ከታንኩ ኋላ ግን የ8 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይቀራል። ቧንቧው 22 ላይ ሆኖ መቀመጫው ለ30 የተሠራ ከሆነ ግን ግድግዳው አያስገባውም።

ፍሳሹ ወደ ግድግዳ ሲሆን የሚለካው ከወለሉ እስከ ቧንቧው መሐል ያለው ከፍታ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ገና የሚነጠፈው ሴራሚክ ነው። ቧንቧው 18 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆንና በአሮጌው ወለል ላይ ከነማጣበቂያው 1.5 ሳንቲ ሜትር ቢጨመር፣ ቀሪው ከፍታ 16.5 ነው። መቀመጫው መገዛት ያለበት በዚህ ልክ ነው። ግድግዳው ላይ አዲስ ሴራሚክ ሲለጠፍም እንዲሁ ከርቀቱ ላይ ይቀነሳል።

ጥቂት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ሲያጋጥም መሐሉን ወደ ጎን በሚያዞር ማገናኛ ማስተካከል ይቻላል። ነገር ግን የግድግዳው ቧንቧ ከመቀመጫው መውጫ ከፍ ካለ ፍሳሹ ሽቅብ ሊሄድ አይችልም፤ መውጫው ላይ እየተኛ ቆሻሻ ያጠራቅማል። ማገናኛው በግድ ተጎትቶ ከገባ ደግሞ ጎማው ጠርዙን በደንብ አይዝም። ይህ የሚታወቀው ውሃ በተለቀቀ ቁጥር ከመቀመጫው ሥር እርጥበት ሲወጣ፣ ወይም ቤቱ ታጥቦም ሽታው አልለቅ ሲል ነው።