እጀታው ላይ ሻጭ ሲነጥፍ

አንድን አክሲዮን በ50 ዶላር ገዝቶ ወደ 38 ሲወርድ ያየ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ትርፍ አያምረውም። «የገዛሁበትን ዋጋ ብቻ ይመልስልኝና ልገላገለው» ነው የሚለው። እንዲህ ያሉ ሰዎች በሺዎች ይቆጠራሉ። ዋጋው ከወራት በኋላ ተመልሶ 49 ሲደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመሸጥ ይነሳሉ፤ ጭማሪውም እዚያው ላይ ይገታል። ባለ እጀታ ኩባያ የሚባለው የዋጋ ቅርጽ የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ነው። ቅርጹን ብቻ አይቶ ሰዎቹን የረሳ፣ ኩባያ ያልሆነውን ሁሉ ኩባያ ሲል ይኖራል።

ቅርጹን በስፋት ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ዊልያም ኦኒል ነው። «ኢንቨስተርስ ቢዝነስ ዴይሊ» የተባለውን ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1984 የመሠረተው እሱ ሲሆን፣ በ1988 ባሳተመው መጽሐፉ ቅርጹን ከነመለኪያው አቅርቦታል። እንደ እሱ አገላለጽ፣ ቀድሞ ቢያንስ 30 በመቶ ያህል የጨመረ አክሲዮን ይወርዳል፤ ታች ሆኖ ይረጋጋል፤ ቀስ እያለ ወደ ቀድሞው ከፍታ ይመለሳል። ኩባያው ይህ ነው። ከዚያ በቀኝ በኩል ጥቂት ዝቅ ይልና ለአጭር ጊዜ ያርፋል፤ ይህ ደግሞ እጀታው ነው። ጠቅላላው ጊዜ ከ7 እስከ 65 ሳምንት ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል።

የኩባያው ጥልቀት በጤነኛ ገበያ ከ12 እስከ 33 በመቶ ይሆናል። መላው ገበያ ክፉኛ ሲወድቅ ግን እስከ 40 እና 50 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ጥልቀቱ ይህን ያህል የሚያሳስበው ያለ ምክንያት አይደለም። 24 በመቶ የወረደ አክሲዮን ወደነበረበት ለመመለስ 32 በመቶ ገደማ መጨመር ይበቃዋል። ግማሽ ዋጋውን ያጣ ግን እጥፍ መሆን አለበት። ኩባያው በጠለቀ ቁጥር፣ በየደረጃው ገዝተው የተያዙና መውጫ የሚጠብቁ ሰዎችም ይበዛሉ። የታችኛው ቅርጽም ይታያል። ክብ ብሎ ሳምንታትን የፈጀ ታች፣ የመረራቸው ባለቤቶች ለታጋሾች አስረክበው እስኪወጡ ጊዜ ሰጥቷል። እንደ ተገለበጠ ጎጆ ጣሪያ ሾሎ ወርዶ ወዲያው የተመለሰ ዋጋ ግን ይህን ርክክብ አላካሄደም።

ለማስረዳት ያህል የታሰበ አንድ አክሲዮን እንውሰድ። ከ30 ዶላር ተነሥቶ 50 ደረሰ፤ ከዚያ 38 ድረስ ወረደ፤ በአምስተኛው ወር 49 ላይ ተመለሰ። በአማካይ በቀን 1 ሚሊዮን አክሲዮን ይገበያያል። አሁን እነዚያ የተያዙት ሰዎች መሸጥ ይጀምራሉ፤ በታች በ38 እና በ40 የገዙትም ትርፋቸውን ይሰበስባሉ። ዋጋው በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ 45 ዝቅ ይላል። ይህ 8 በመቶ ያህል ነው። ኦኒል በጥሩ ገበያ የእጀታው ቁልቁለት ከ8 እስከ 12 በመቶ ቢሆን ተገቢ ነው ይላል። ሌላው መለኪያ እጀታው በኩባያው የላይኛው እኩሌታ መቀመጡ ነው። የ50 እና የ38 መካከል 44 ነው፤ የእጀታው ወለል 45 ስለሆነ አልፏል። ከ44 በታች ቢወርድ ኖሮ፣ የገዢዎቹ አቅም ከግማሽ መንገድ በላይ መቆም አልቻለም ማለት ነበር።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። እጀታው ወደ ታች ማዘንበሉ ድክመት ይመስላቸዋል፤ በትንሽ በትንሹ ወደ ላይ የሚሳበውን ደግሞ ጥንካሬ ይሉታል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። የእጀታው ሥራ ልባቸው ያመነታ ባለቤቶችን አስፈርቶ ማስወጣት ነው። ወደ ላይ እየተሳበ የሚሄድ እጀታ ማንንም አያስፈራም፤ ለመሸጥ የተዘጋጁት ሁሉ እንደተቀመጡ ይቀራሉ። ዋጋው ጣሪያውን ሲነካ ያን ጊዜ ይሸጡበታል።

ሻጮቹ ማለቃቸው የሚታወቀው በግብይቱ መጠን ነው። በእጀታው መጀመሪያ ቀናት በቀን 1 ሚሊዮን አክሲዮን ይሸጥ የነበረው ወደ 700 ሺህ፣ ከዚያም ዋጋው 45 አጠገብ ሲደርስ ወደ 400 ሺህ ይወርዳል። በመክፈቻና በመዝጊያ መካከል ያለው ልዩነትም ይጠባል፤ ዋጋው በ45 እና በ46 መካከል ብቻ ይንቀሳቀሳል። እዚህ ላይ ዋጋው ዝቅ ብሎም የሚሸጥ ሰው እየጠፋ ነው። መውጣት የፈለገ ወጥቷል። ስለዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ገዢ፣ ብዙ ባይሆንም እንኳ፣ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ካልጠየቀ የሚሸጥለት አያገኝም። በተቃራኒው ዋጋው በ1 ሚሊዮን ተኩል ግብይት እየታጀበ ከወረደ፣ እጀታ መስሎ የሚታየው ትልልቅ ገንዘብ ያላቸው ተቋማት የሚወጡበት በር ነው።

የግብይት መንጠፍ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አሜሪካኖች የምስጋና ቀን ብለው ከሚያከብሩት በዓል ማግሥት ገበያው ግማሽ ቀን ብቻ ይሠራል፤ በገና ሰሞንም ነጋዴው ይበተናል። ያን ጊዜ የታየ ዝቅተኛ ቁጥር ስለ ሻጮች ምንም አይናገርም። ሌላው ደግሞ አክሲዮኑ ተረስቶ የሚነጥፍበት ጊዜ አለ። ይህን ለመለየት የኩባያውን ቀኝ ጎን መመልከት ያስፈልጋል። ዋጋው ከ38 ወደ 49 ሲወጣ ከአማካይ በላይ ግብይት ያላቸው የጭማሪ ሳምንታት ካሉ፣ ፈላጊ አለው ማለት ነው። ከሌሉ ግን ጸጥታው የመረሳት ጸጥታ ነው።

ሰብሮ የሚወጣበት ነጥብ የእጀታው ጫፍ ላይ 10 ሳንቲም ጨምሮ ነው፤ በእኛ ምሳሌ 49 ዶላር ከ10። የ50 ዶላሩ የቀድሞ ጣሪያ እስኪታለፍ አይጠበቅም። በዚያ ቀን ግብይቱ ከአማካዩ ቢያንስ 40 ወይም 50 በመቶ መብለጥ አለበት፤ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ቢሆን ጥሩ ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ። የአሜሪካ ገበያ የሚሠራው ለስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ከፍተኛው ግብይት በመክፈቻውና በመዝጊያው ሰዓት ይካሄዳል። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ቁጥር በአሥራ ሦስት አባዝቶ «ዛሬስ ፈነዳ» የሚል ሰው፣ ሲዘጋ ተራ ቀን ሆኖ ያገኘዋል።

ከነጥቡ 5 በመቶ በላይ፣ ማለትም ከ51 ዶላር ተኩል ገደማ በኋላ፣ መግዛት አይመከርም። ኦኒል ኪሳራን ከ7 እስከ 8 በመቶ ላይ ቆርጦ መውጣትን ግዴታ አድርጎታል። በምሳሌያችን 8 በመቶው 45 ዶላር ከ17 ላይ ይውላል፤ ከእጀታው ወለል ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረው። ዋጋው እዚያ ከተመለሰ፣ አልቀዋል የተባሉት ሻጮች አላለቁም ነበር ማለት ነው፤ ለመቆየት የቀረ ምክንያት የለም። መላው ገበያ ቁልቁል በሚሄድበት ጊዜ ደግሞ በደንብ የተሠራ ኩባያም ይከሽፋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በየቀኑ በመቶ ሺህዎች ለሚገበያይ አክሲዮን ነው። በአሜሪካ እየኖሩ በስልካቸው አክሲዮን የሚገዙ ወገኖቻችን ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ግን የተመዘገቡት ድርጅቶች ገና ጥቂት ናቸው። በየቀኑ የማይሸጥ አክሲዮን ሲነጥፍ የሚነግረን ነገር ስለሌለ፣ እዚያ የሚታየውን ቅርጽ ኩባያ ብላችሁ ገንዘባችሁን አታውጡበት።