ከግድያ በኋላ የሚመጣ ሳቅ

የጨለማ ታሪክ ያለ ፋታ ሲያስጨንቅ ተመልካቹ ጭንቀቱን ይለምደዋል፤ ከለመደው በኋላ ደግሞ የባሰው ቢመጣም አይደነግጥም። በመሃል የሚገባ ቀልድ ትንፋሹን መልሶለት ለሚቀጥለው ድንጋጤ ያዘጋጀዋል። ችግሩ ቀልዱ የታሪኩን ድባብም ይዞ ሊሄድ መቻሉ ነው። ይህ እንዳይሆን ምን እንደሚያስፈልግ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱት የሼክስፒር «ማክቤዝ» በግልጽ ያሳያል።

በሁለተኛው ገቢር ማክቤዝ በእንግድነት የተቀበለውን ንጉሥ ዱንካንን በተኛበት ይገድላል። ባልና ሚስቱ እጃቸው በደም እንደተነከረ የግቢው በር ይንኳኳል። ደማቸውን ሊታጠቡ ሲገቡ ሌሊቱን ሲጠጣ ያደረ ዘበኛ እየተንገዳገደ ብቅ ይላል። በሩ እየተንኳኳ እሱ ራሱን የሲኦል በረኛ አድርጎ ይቀልዳል፦ ዋጋ ሲወደድ ለመሸጥ እህል ይዞ ቆይቶ አዝመራው ሲያምር ራሱን የሰቀለ ገበሬ፣ ለሁለቱም ወገን የሚምል አታላይ፣ ከደንበኛ ጨርቅ የሚሰርቅ ልብስ ሰፊ እያለ «ያስገባል»። በመጨረሻ ለሲኦልነት ቦታው በጣም ይበርዳል ብሎ ጨዋታውን ይተወዋል።

ተመልካቹ ይስቃል፤ ግን ከግድያው አልራቀም። ዘበኛው ንጉሡ መሞቱን አያውቅም፤ ተመልካቹ ግን ያውቃል። ስለዚህ ሰካራሙ በዘፈቀደ የጠራው ሲኦል የቆመበት ቤት ራሱ ይሆናል። በአንደበቱ ታማኝ፣ በእጁ ገዳይ የሆነው የቤቱ ጌታም ከዚያ ለሁለት ወገን ከሚምለው አታላይ ብዙ አይለይም። ማንኳኳቱ ደግሞ በቀልዱ መሃል አይቋረጥም፤ አንድ ሰው ገብቶ ሬሳውን ማግኘቱ እንደማይቀር ያስታውሳል።

ልኩና ቦታውም ተጠብቋል። ግድያው ሲፈጸም ማንም አይቀልድም። ማክቤዝም ሆነ ሚስቱ በሥራቸው አይስቁም፤ ቢስቁ ኖሮ ወንጀሉ ራሱ ይቀልል ነበር። የሚያስቀው የጭንቀቱ ተካፋይ ያልሆነ ተራ ሰው ነው፤ በሩን ከከፈተና ስለ መጠጥ ጥቂት ካወራ በኋላ ቦታውን ይለቃል። ወዲያው በዚያው ትዕይንት የገባው ማክደፍ ንጉሡን ሊቀሰቅስ ሄዶ እየጮኸ ይመለሳል።

ትዕይንቱን ያልወደዱትም ነበሩ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ኮልሪጅ ሼክስፒር የጻፈው አይመስለኝም ብሎ ነበር። ቶማስ ደ ኩዊንሲ ግን በ1823 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የበሩ መንኳኳት የተራው ሰው ዓለም መመለሱን ስለሚያበስር የግድያውን አስፈሪነት ይበልጥ እንደሚያጎላው አስረድቷል።

ቀልድ ድባቡን ማፍረሱ የሚታወቀው ነቅለው ሌላ ታሪክ ውስጥ ቢተክሉት ምንም ሳይጎድለው የሚያስቅ ከሆነ ነው። የዘበኛው ቀልድ ከዚያ ቤትና ከዚያ ሌሊት ቢወጣ የስካር ወሬ ብቻ ይሆናል።