ያላለቀ ጌም ለአሳታሚ ሲቀርብ

እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ሬድመንድ ከተማ የሚገኘው የዲጂፔን ተቋም ተማሪዎች ናርባኩላር ድሮፕ የሚባል የእንቆቅልሽ ጌም ሠሩ። ጌሙ አጭር ነበር፤ ሐሳቡ ግን በአንድ ትንፋሽ ይነገራል፦ ተጫዋቹ ግድግዳ ላይ ሁለት በሮች ይከፍታል፣ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ይህን አይቶ ቡድኑን ቀጠረ። በ2007 ዓለም ያወቀው ፖርታል ወጣ።

እነዚያ ተማሪዎች ጌማቸውን ፊት ለፊት የማሳየት ዕድል አግኝተዋል። ሌሎች ብዙዎች ግን ያላቸው ለአንድ ትንሽ አሳታሚ የሚልኩት ኢሜይል ብቻ ነው።

ሦስት ተማሪዎች ጥላ እንደ ድልድይ የሚያገለግልበት ጌም ጀመሩ እንበል። ኢሜይሉን በጌሙ ዓለም ታሪክ ቢጀምሩት አንባቢው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሳይደርስ ይተወዋል። «ተጫዋቹ መብራት ያንቀሳቅሳል፤ ጥላው ባረፈበት ይራመዳል» ቢሉ ግን ጌሙ ወዲያው ይታያል። ከሥሩ አጭር ቪዲዮና ጌሙን የሚያወርዱበት ሊንክ ይከተላል። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል በቀጥታ ስለማያያይዝ ጌሙን ራሱን ከኢሜይሉ ጋር መላክ አያዋጣም።

ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል ከሁሉም ይከብዳል። «ጌሙ ሊያልቅ ነው» ማለት ለአሳታሚው ምንም አይነግረውም። «ካሰብናቸው 40 ደረጃዎች 12ቱ ይሠራሉ፤ ሥዕሉ የተጠናቀቀው የ4ቱ ነው፤ ድምፅ ገና አልገባም» ሲባል ግን የቀረው ሥራ ይለካል። የእንቆቅልሽ ጌም ደግሞ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ይፈልጋል፦ ጌሙን አይተው የማያውቁ ሰዎች ያለ ማብራሪያ ሞክረውታል ወይ? ሠሪው መልሱን ስለሚያውቅ እንቆቅልሹ ሁልጊዜ ቀላል ይመስለዋል። ስለዚህ ተጫዋቹን ከጎን ሆኖ በዝምታ ማየት፣ የት እንደቆመና ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት መመዝገብ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው አንድ ቦታ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቀደም ያለው ደረጃ ሕጉን ሳያስተምር ማለፉ ነው። ይህን አግኝተው እንዴት እንዳስተካከሉት በሁለት መስመር የጻፉ ተማሪዎች ከማንኛውም ውዳሴ የበለጠ አሳማኝ ናቸው።

ገንዘቡም በግልጽ ይጻፋል። ሦስት ሰው ለ10 ወር፣ ለእያንዳንዱ በወር 1,500 ዶላር ቢታሰብ 45,000 ይሆናል። ለድምፅና ለሙከራ 7,000 ሲጨመር 52,000፣ ለመጠባበቂያ አሥር በመቶ ሲታከል 57,200 ዶላር ይደርሳል። መጠባበቂያውን መተው የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሥራው በአንድ ወር ሲዘገይ ገንዘቡ ያልቃል።

አንድ ጉዳይ ግን ኢሜይሉ ከመላኩ በፊት ማለቅ አለበት። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በክፍል ሥራነት የተሠራ ጌም ባለቤትነቱ የእኛ ነው ይላሉ። ባለቤትነቱ ካልጠራ አሳታሚው ውል ሊፈርም አይችልም። ተማሪዎች ሆይ፣ የትምህርት ቤታችሁን ደንብ አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ፈቃድ ካስፈለገም በጽሑፍ ተቀበሉ።