አንድ መንገድ ቢዘጋ ማን ይቆረጣል?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጎንደር ለመግባት ሁለት አቅጣጫ አለ። አንደኛው ዓባይን ተሻግሮ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ወረታ ይደርሳል። ሁለተኛው በደሴ በኩል ወልዲያ ከገባ በኋላ ወደ ምዕራብ ታጥፎ፣ ደብረ ታቦርን አልፎ እዚያው ወረታ ይወርዳል። የዓባይ በረሃ መንገድ በናዳ ቢዘጋ ሾፌሩ በደሴ ይዞራል፤ ይረዝምበታል እንጂ ከጉዞው አይቀርም። ከወረታ ጎንደር ያለው መንገድ ቢዘጋ ግን በሁለቱም በኩል የመጣው መኪና ወረታ ላይ ይቆማል። በሽሬና በመቀሌ የሚዞረው የሰሜኑ መንገድ አለ፤ እሱን ለጊዜው ከካርታችን እናውጣውና ቆይተን እንመልሰዋለን።

የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች፣ ቢዘጋ መረቡን ለሁለት የሚከፍለውን መንገድ «ድልድይ» ይሉታል። ወንዝ ላይ የተሠራ መሆን የለበትም፤ ሁለት ከተሞችን የሚያገናኝ ማንኛውም መስመር ሊሆን ይችላል። ብትዘጋ ሌሎቹን እርስ በርስ የምታለያይ ከተማ ደግሞ «መጋጠሚያ» ትባላለች። በስምንት ከተማ ካርታ ላይ ሁለቱንም በዓይን ማግኘት ቀላል ነው። 10,000 ጣቢያና 15,000 መስመር ባለው የመብራት ወይም የቴሌኮም መረብ ላይ ግን ዓይን አይበቃም።

መጀመሪያ የሚታሰበው ዘዴ መስመሮቹን አንድ በአንድ እያነሱ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ የቀረው መረብ ተያይዞ እንደሆነ መፈተሽ ነው። መልሱ ትክክል ይሆናል፤ ነገር ግን መረቡን 15,000 ጊዜ ከዳር እስከ ዳር መዞርን ይጠይቃል። በ1972 ሮበርት ታርጃን ባሳተመው ጥናት፣ ቀጥሎም ከጆን ሆፕክሮፍት ጋር በሠራው ሥራ፣ ያ ሁሉ ዙር በአንድ ጉዞ እንደሚተካ ታየ። ሁለቱ ሰዎች በ1986 የቱሪንግ ሽልማትን ተጋርተዋል።

ጉዞው እንዲህ ነው። ከአንድ ከተማ ተነስተን ገና ወዳልደረስንባት ጎረቤት እንሄዳለን፤ ከእሷም ወደ ቀጣይዋ፣ መንገድ እስኪያልቅብን ድረስ። ሲያልቅብን አንድ ከተማ ወደ ኋላ ተመልሰን ያልተሞከረ መንገድ እንፈልጋለን። የደረስንባትን እያንዳንዷን ከተማ በቅደም ተከተል እንቆጥራለን። ይህ ተራ ቁጥሯ ነው፤ በፕሮግራም ውስጥ `disc` ተብሎ ይጻፋል።

ከአዲስ አበባ እንጀምር። አዲስ አበባ 1፣ ደብረ ማርቆስ 2፣ ባሕር ዳር 3፣ ወረታ 4፣ ጎንደር 5፣ መተማ 6 ይሆናሉ። መተማ ላይ የካርታችን መንገድ ያበቃል። ወደ ጎንደር እንመለሳለን፤ ሌላ መንገድ የለም። ወደ ወረታ እንመለሳለን፤ ከዚያ ወልዲያ 7፣ ደሴ 8። ከደሴ የሚወጣው መንገድ ወደ አዲስ አበባ ይወስዳል፤ እሷን ግን ቀድመን አውቀናታል።

የዘዴው ምስጢር ያለው እዚህ ነው። እንዲህ ባለ ጉዞ ሳንሄድበት የሚቀር መንገድ ሁሉ የሚያገናኘው አንዲትን ከተማ ወደ እሷ ለመድረስ ካለፍንባቸው ከተሞች ከአንዱ ጋር ነው። ለምሳሌ ከመተማ ወደ ደሴ በቀጥታ የሚያስኬድ መንገድ ቢኖር ኖሮ፣ መተማ ሳለን ደሴን ገና ስላላየናት ያኔውኑ እንሄድበት ነበር። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ከዚህች ከተማና ከእሷ በኋላ በእሷ በኩል ከደረስንባቸው ከተሞች፣ በቀረው መንገድ ወደ ኋላ የሚመልስ አለ? ካለስ እስከ የትኛው ተራ ቁጥር ድረስ? የዚህ መልስ የከተማዋ ዝቅተኛ ቁጥር ነው፤ በፕሮግራም `low` ይባላል። የመጣንበት መንገድ ራሱ አይቆጠርም።

ደሴ ወደ 1 የሚመልስ መንገድ ስላላት ዝቅተኛ ቁጥሯ 1 ነው። ይህ ቁጥር ወደ ወልዲያ፣ ወደ ወረታ፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ደብረ ማርቆስ ይወርሳል። መተማ ወደ ኋላ የሚመልስ ሌላ መንገድ ስለሌላት የራሷን 6 እንደያዘች ትቀራለች፤ ጎንደርም በ5ቷ ላይ ትቆማለች። ከዚያ ወዲያ ፍርዱ ንጽጽር ብቻ ነው። ከ`u` ተነስተን `v` ደርሰን ከሆነ፦

```
low[v] >  disc[u]   →  ድልድይ
low[v] >= disc[u]   →  u መጋጠሚያ
```

የጎንደር ዝቅተኛ ቁጥር 5 ከወረታ ተራ 4 ይበልጣል፤ ስለዚህ የወረታና ጎንደር መንገድ ድልድይ ነው። የመተማ 6ም ከጎንደር 5 ይበልጣልና ያም ድልድይ ነው። ወረታና ጎንደር መጋጠሚያዎች ናቸው። አዲስ አበባ ግን ታሳስታለች፤ የደብረ ማርቆስ ዝቅተኛ ቁጥር 1 ከእሷ ተራ 1 ጋር እኩል ነው፤ ሆኖም አዲስ አበባ ብትዘጋ የቀሩት ከተሞች አይለያዩም። ከመነሻዋ የሚያንስ ቁጥር ስለሌለ ሁለተኛው ሕግ ለእሷ አይሠራም። መነሻዋ መጋጠሚያ የምትሆነው ከእሷ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የተለያየ ጉዞ ከተጀመረ ብቻ ነው፤ እዚህ የተጀመረው አንድ ነው።

አሁን የሰሜኑን መንገድ እንመልሰው፤ ጎንደር በሽሬና በመቀሌ ዞራ ከወልዲያ ጋር ተገናኘች እንበል። የጎንደር ዝቅተኛ ቁጥር ወደ 1 ይወርዳል፤ የወረታና ጎንደር መንገድ ድልድይ መሆኑ ይቀራል፤ ወረታም ከመጋጠሚያነት ትወጣለች። አንድ መስመር በመጨመሩ ሁለት የአደጋ ነጥቦች ጠፉ። ጎንደር ግን ስለ መተማ አሁንም መጋጠሚያ ናት።

በዚህ ላይ ከጎንደር መተማ ሁለተኛ መንገድ ቢሠራስ? አንዱ ቢዘጋ ሌላው አለ፤ ስለዚህ ድልድይ የለም። ጎንደር ከተማ ራሷ ብትዘጋ ግን መተማ አሁንም ትቆረጣለች። ቁጥሮቹም ይህንኑ ይናገራሉ፤ የመተማ ዝቅተኛ ቁጥር 5 ሆኖ ከጎንደር 5 ጋር እኩል ይሆናል። አይበልጥም፣ አያንስምም። ሁለቱን ሕጎች የሚለያያቸው ያ የእኩልነት ምልክት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ፕሮግራም ጸሐፊዎች በብዛት የሚሰናከሉትም በዚሁ ቦታ ነው። ብዙዎች «የመጣሁበትን መንገድ አትቁጠር» ለማለት «የመጣሁበትን ከተማ አትቁጠር» ብለው ይጽፋሉ። እንዲህ የተጻፈ ፕሮግራም ሁለተኛውን የመተማ መንገድም አብሮ ይዘለውና የሌለ ድልድይ ያወጣል። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ መንገድ መለያ ቁጥር ሰጥቶ በእሱ መዝለል ነው። ሌላው ስሕተት የበለጠ ይሸሸጋል። መተማ በሁለተኛው መንገድ ወደ ጎንደር ስታይ መውሰድ ያለባት የጎንደርን ተራ ቁጥር፣ 5ን ነው። በምትኩ የጎንደርን ዝቅተኛ ቁጥር የምትወስድ ከሆነና ጉዞው ከመተማ በፊት በወልዲያ በኩል ዞሮ ከተመለሰ፣ መተማ 1ን ትወርሳለች፤ ጎንደርም መጋጠሚያ አይደለችም ተብላ ታልፋለች። ይህ ስሕተት የድልድዮቹን መልስ አያበላሽም፤ ስለዚህ ድልድይ ብቻ የፈተሸ ሰው ፕሮግራሙ ደኅና ነው ብሎ ሊተወው ይችላል። የሚጋለጠው በአንዲት ከተማ ላይ ብቻ የሚነካኩ ሁለት ቀለበቶች ባሉበት ትንሽ ካርታ ሲፈተን ነው።

መልሱ ምንጊዜም ስለ ካርታው ነው። እኛ በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ አልሳልንም፤ ሌሎች ብዙ መንገዶችንም ትተናል። በቴሌኮም መረብ ደግሞ ተቃራኒው ያጋጥማል፤ በሥዕሉ ላይ ሁለት የተለያዩ የፋይበር መስመሮች ይታያሉ፣ በመሬት ግን ሁለቱም በአንድ ቦይ ተቀብረዋል። ስሌቱ ድልድይ የለም ይላል፤ አንድ ቆፋሪ ማሽን ግን ሁለቱንም ይቆርጣል። ስለዚህ ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት በአንድ ቦይ የሚያልፉት መስመሮች እንደ አንድ መስመር መቆጠር አለባቸው፤ ያን ጊዜ የተደበቀው ድልድይ በቁጥሮቹ ላይ ይወጣል።