የጠብታ መስኖ በተዳፋት ጓሮ፦ ከቱቦው በፊት ከፍታውን መለካት

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ሲወጡ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ እንጦጦን ሲሻገሩ ደግሞ ሱሉልታ ይገኛሉ። የሱሉልታ ሜዳ ሰፊ ነው፤ በወጨጫ ግርጌና በእንጦጦ ተረተር ላይ ያለው የጓሮ መሬት ግን አብዛኛው ያጋደለ ነው፤ መሐሉ ላይም ጉብታና ጎድጓዳ አያጣም። በእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ላይ በበጋ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ለማልማት የጠብታ መስኖ የሚዘረጉ ሰዎች ቁጥር ትንሽ አይደለም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ በየግቢው አለ፤ ከሮቶው አንድ ቧንቧ ማውረድና ቀዳዳ ያላቸውን ቱቦዎች መዘርጋት ደግሞ ቀላል ይመስላል።

ብዙ ጊዜ ታዲያ ቱቦዎቹ ከላይ ወደ ታች፣ ቁልቁል ይዘረጋሉ። ውሃው በራሱ ስለሚወርድ ትክክለኛው አቅጣጫ ይህ ነው ተብሎ ይታሰባል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የላይኛው ጎመን ጠውልጎ፣ የታችኛው ረግረግ ውስጥ ቆሞ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ጥፋቱ በቱቦው ጥራት ይሳበባል። ቱቦው ግን የታዘዘውን ነው የሠራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዷ ጠብታ የምትወጣው በላይዋ ባለው ውሃ ክብደት ተገፍታ ነው። ክብደቱን የሚወስነው የቱቦው ርዝመት ሳይሆን፣ ከሮቶው ውስጥ ካለው የውሃ ወለል እስከ ቀዳዳዋ ድረስ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚለካው ቁመት ነው። አስር ሜትር ቁመት አንድ ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል። የዛሬው የጠብታ መስኖ ከ1957 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ ሲስፋፋ በፓምፕ ግፊት የሚሠራ ስለነበረ፣ እስካሁንም በቱቦው ላይ የሚጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ባር ነው። «በሰዓት 1 ሊትር» የሚል ቱቦ በጓሮ ሮቶ ሥር ያን ያህል አይሰጥም። ተራ ቱቦ ላይ የሚወጣው ውሃ ከቁመቱ ስኩዌር ሩት ጋር ይሄዳል፤ ቁመቱ በአራት እጥፍ ሲያድግ ውሃው የሚጨምረው በሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ያው ቱቦ በአንድ ሜትር ቁመት 0.32 ሊትር፣ በሁለት ሜትር ከአርባ ደግሞ 0.49 ሊትር በሰዓት ያወጣል። የሁለቱ ልዩነት አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። የጠወለገው ጎመንና ረግረግ ውስጥ የቆመው ጎመን የሚለያዩት በዚህ ነው።

ይህን የተረዳ ሰው ቱቦ ከመግዛቱ በፊት ከፍታ ይለካል። ግንበኞች መሠረት ሲያወጡ የሚጠቀሙበት ውሃ የሞላው ግልጽ ጎማ ለዚህ ይበቃል። ሁለት ሰው የጎማውን ሁለት ጫፍ ይይዛል፤ በሁለቱም ጫፍ ያለው ውሃ ምንጊዜም እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም፣ ከመሬት እስከ ውሃው ያለውን በሜትር ለክቶ ማቀናነስ ነው። ጎማው ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ ከቀረች ልኩ ስለሚዛባ መጀመሪያ አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል። የልማት ጣቢያ ባለሙያዎች እርከን ሲቀይሱ የሚይዙት ኤ-ፍሬም ወይም የክር ውሃ ልክም ይሠራል። በየሁለት ሜትሩ ችካል ተተክሎ ቁጥሩ ሲጻፍበት፣ ዓይን ያላየው ጉብታና ጎድጓዳ ይወጣል። ዓይን ተዳፋት ላይ እጅግ ያታልላል፤ በተለይ አጥሩ ራሱ ያጋደለ ከሆነ።

ቀጥሎ እኩል ከፍታ ያላቸው ችካሎች በክር ይያያዛሉ። ክሩ ቀጥ አይልም፤ ጉብታው ጋ ወደ ታች፣ ጎድጓዳው ጋ ወደ ላይ ይታጠፋል። መደቡም፣ በመደቡ ላይ የሚዘረጋው ቱቦም ይህንኑ ክር ይከተላል። ቀጥ ያለ መስመር የለመደ ገበሬ ይህ አይጥመውም። ነገር ግን አንድ ሜትር ቁመት ብቻ ባለበት ቦታ ሠላሳ ሳንቲሜትር ጉብታ ላይ ቀጥ ብሎ የሚያልፍ ቱቦ፣ ጉብታው ላይ ካለው ውሃ ከመቶ አሥራ ስድስት ያህሉን ያጣል። ክሩን ተከትሎ ሲታጠፍ ይህ ኪሳራ አይኖርም። ማጠፊያው ሰፊና ለስላሳ መሆን አለበት፤ ቱቦው በድንገት ከተሰበረ ውሃው እዚያው ይቆማል።

እዚህ ላይ ብዙ መመሪያዎች ሥራው እንዳለቀ አድርገው ያቆማሉ፤ እኔ ግን ዋናው የሚጀምረው ከዚህ ነው እላለሁ። ቱቦውን አግድም መዘርጋት የከፍታውን ልዩነት አያጠፋውም። የላይኛው መደብ አሁንም ለሮቶው ቅርብ፣ የታችኛውም ሩቅ ነው። የተለወጠው ልዩነቱ ያለበት ቦታ ነው፦ ቁልቁል በተዘረጋ ቱቦ ልዩነቱ እዚያው ቱቦ ውስጥ ስለሆነ ምንም ቫልቭ አይደርስበትም፤ አግድም ሲዘረጋ ግን ልዩነቱ በመደብና በመደብ መካከል ይሆናል፣ እዚያ ደግሞ ቫልቭ መግጠም ይቻላል።

አንድ የቡራዩ ዓይነት ጓሮ ወስደን እንሥራው። አግድሙ 12 ሜትር፣ ቁልቁሉ 8 ሜትር ነው። መተላለፊያውን ጨምሮ አንድ አንድ ሜትር የሚይዙ 8 መደቦች ይወጡታል፤ በየመደቡ መካከል 20 ሳንቲሜትር የከፍታ ልዩነት አለ፤ የመጨረሻው መደብ ከመጀመሪያው 1.4 ሜትር ዝቅ ይላል። በየመደቡ አንድ የ16 ሚሊሜትር ቱቦ፣ በየ30 ሳንቲሜትሩ ቀዳዳ ያለው፣ ይዘረጋል፤ በድምሩ 320 ቀዳዳ ነው። ባለ 500 ሊትር ሮቶ ከላይኛው መደብ አንድ ሜትር ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ይቀመጣል። ሮቶው ሲሞላ ግማሽ ቶን ስለሚመዝን መቆሚያው የብረት ወይም የድንጋይ ቢሆን ይመረጣል። ውስጡ አንድ ሜትር ያህል ውሃ ይቆማል እንበል። በበጋ ሙሉ ቅጠል ያወጣ አትክልት በእነዚህ ደጋማ ቦታዎች ለአንድ ካሬ ሜትር በቀን 4 ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ 96 ካሬ ሜትሩ ወደ 385 ሊትር መሆኑ ነው። ለችግኝ ግማሹ ይበቃል።

ስምንቱም መደብ ባንድ ጊዜ ቢከፈት፣ ሮቶው ሙሉ ሳለ የመጨረሻው መደብ ከመጀመሪያው በ30 በመቶ ይበልጣል፤ የሮቶው ውሃ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ልዩነቱ ወደ 50 በመቶ ይወጣል። ዋናው ቧንቧ በሁለት ተከፍሎ፣ አራቱ የላይኞቹ መደቦች በአንድ ቫልቭ፣ አራቱ የታችኞቹ በሌላ ቫልቭ ቢያዙ ግን በአንድ ምድብ ውስጥ ያለው ልዩነት ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። ቅደም ተከተሉም ይጠቅማል። ሮቶው ሙሉ ሳለ የላይኛው ምድብ ይጠጣ፤ ውሃው ሲቀንስ የታችኛው ይከተል። የታችኛው በመሬቱ ዝቅታ ያገኘው ተጨማሪ ቁመት በሮቶው ውሃ መጉደል ይካካሳል፤ ሒሳቡ ሲሠራ ሁለቱም ምድቦች ድርሻቸውን ለማግኘት እያንዳንዳቸው ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅባቸዋል። አንድ ተጨማሪ ቫልቭና ጥቂት ሜትር ቧንቧ ይህን ያህል ሥራ ይሠራል።

አንዳንድ ሻጭ «ለተዳፋት የተሠራ፣ ግፊቱን በራሱ የሚያስተካክል» ቱቦ ያቀርባል። ዕቃው እውነተኛ ነው፤ በፓምፕ ለሚሠራ ተዳፋት ማሳ ከሱ የተሻለ የለም። ውስጡ ያለችው ስስ ጎማ በደንብ የምትሠራው ግን በአብዛኛው ከግማሽ ባር፣ ማለትም ከአምስት ሜትር ቁመት ወዲያ ነው። በሁለት ሜትር ሮቶ ሥር ገንዘቡን ያወጣ ሰው ከተራው ቱቦ የተለየ ጥቅም አያገኝም።

በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራ ዝርጋታ ሁለት ጠላት አለው፤ አየርና ደለል። ከሮቶው የሚወርደው ዋና ቧንቧ እስከ መጨረሻው መደብ ድረስ ሳያቋርጥ መውረድ አለበት። በመንገዱ ላይ ድንጋይ ወይም የአጥር ሥር ዘሎ ከፍ ብሎ ከወረደ፣ አየር እዚያ ጫፍ ላይ ይታሰርና ውሃውን ያንቃል፤ ደካማ ግፊት አየሩን ገፍቶ ማስወጣት አይችልም። መዝለሉ ግድ ከሆነ ከፍታው ላይ ወደ ላይ የቆመ ቀጭን ክፍት ቱቦ፣ አናቱ ከሮቶው በላይ ሆኖ፣ ይሰካል። ደለሉን ለመቀነስ ደግሞ የሮቶው መውጫ ከወለሉ አምስት እስከ አሥር ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፤ ከሱ ቀጥሎ ማጣሪያ ይገጠም፣ ቶሎ ቶሎም ይታጠብ። የጉድጓድና የወንዝ ውሃ የሚጠቀም ሰው በየሳምንቱ የየቱቦውን የታጠፈ ጫፍ ፈትቶ ውሃው እስኪጠራ መልቀቅ ይኖርበታል።

ቫልቩ ከተዘጋ በኋላም ውሃው ዝም አይልም። በቧንቧውና በቱቦዎቹ ውስጥ የቀረው ተመልሶ ወደ ዝቅተኛው መደብ ይወርዳል፤ በየቀኑ ጥቂት ሊትር ቢሆንም በወር ውስጥ የመጨረሻውን መደብ ያጨቀየዋል። መከላከያው እያንዳንዱን ቱቦ ከዋናው ቧንቧ ተነስቶ እስከ ጫፉ አምስት ሳንቲሜትር ብቻ ወደ ታች እንዲያጋድል ማድረግ ነው። ይህ በጠብታው መጠን ላይ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያመጣም፤ የቀረውን ውሃ ግን በራሱ መደብ ላይ ያስቀረዋል።

ተዳፋት ላይ እርጥበቱ መሬት ውስጥም በትንሹ ወደ ታች ስለሚያዘነብል ቱቦው ከተክሉ በላይ በኩል፣ ጥቂት ጣት ራቅ ብሎ ይቀመጥ። በሱሉልታና በሰበታ ዝቅ ባሉ ቦታዎች ላይ ያለው ጥቁር ኮትቻ አፈር ውሃን ወደ ጎን ሰፋ አድርጎ ስለሚያሰራጭ የተራራቀ ቀዳዳም ይበቃዋል፤ ነገር ግን ደርቆ ከተሰነጠቀ ጠብታው ሥሩን ሳያገኝ በስንጥቁ ይወርዳል። ስለዚህ ኮትቻ ላይ ከመትከል በፊት አፈሩን በደንብ አርጥቦ ከዚያ እርጥበቱን መጠበቅ ነው እንጂ አድርቆ ማጠጣት አያዋጣም።

ዝርጋታው ሲያልቅ ፈተናው በሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሶቹ ከወገባቸው ተቆርጠው፣ በየቱቦው መጀመሪያ፣ መሐልና ጫፍ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ሥር ይቀበራሉ፤ ለ15 ደቂቃ ይጠበቃል። በዚህ ጓሮ እያንዳንዱ 110 ሚሊሊትር አካባቢ መያዝ አለበት። ከአንድ ምድብ ውስጥ ትንሹ ከትልቁ አራት አምስተኛ በታች ከሆነ የሚስተካከል ነገር አለ። የታችኞቹ መደቦች በሥርዓት እየበለጡ ከሄዱ ነገሩ የከፍታ ነው፤ ምድቦቹን ሦስት ማድረግ ያስፈልጋል። የአንድ ቱቦ ግማሽ ብቻ ከደከመ፣ ከዚያ በፊት የታጠፈ፣ የተቀደደ ወይም አየር የያዘ ቦታ ይፈለግ። ትንሾቹ እዚህም እዚያም ያለ ሥርዓት ከተበተኑ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል። ሁሉም እኩል ሆነው ግን ከ110 በእጅጉ ካነሱ፣ ከሁሉ በፊት የሚታየው ማጣሪያው ነው።