12 ሳይሆን 24፦ የድሮ ንድፍ ቴፐር በቶርኖ ላይ

ከአሮጌ አሜሪካ ሠራሽ ማሽን ጋር የመጣ ንድፍ ቶርኖ ቤት ሲገባ፣ ከዘንጉ ጫፍ አጠገብ «ቴፐር ፐር ፉት 1½ ኢንች» የሚል ጽሑፍ ሊኖርበት ይችላል። ዲግሪ አልተጻፈም። የቶርኖው ኮምፓውንድ፣ ማለትም ቱሉን የሚሸከመውና ዞሮ የሚታሰረው የላይኛው ስላይድ፣ የሚሞላው ግን በዲግሪ ነው። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቁጥሩ መቀየር አለበት።

ቴፐር ፐር ፉት የዘንጉ ዲያሜትር በአንድ ፉት ርዝመት ውስጥ ምን ያህል እንደሚቀንስ ይናገራል። ዘንጉ ራሱ አንድ ፉት መሆን የለበትም፤ የተነገረው የመቅጠኑ መጠን ነው። አንድ ፉት 12 ኢንች ነውና 1½ን ለ12 ስናካፍል 0.125 ይመጣል። በሜትሪክ ንድፍ ይኸው 1:8 ተብሎ ይጻፋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 0.125 የዲያሜትር ለውጥ ነው፤ ቱሉ ደግሞ የሚሄደው በዘንጉ አንድ ጎን ብቻ ነው። ዘንጉ እየዞረ ስለሆነ ከአንድ ጎን የተቆረጠው ከሌላውም ጎን ይነሣል። ስለዚህ ኮምፓውንዱ የሚዞረው በግማሹ ነው። 12ን በ2 ስናባዛ የምናገኘው 24 የመጣው ከዚህ ነው፦

```
tan(α) = TPF / 24
α = tan⁻¹(1.5 / 24) = 3.576°
```

በዲግሪና በደቂቃ 3 ዲግሪ ከ35 ደቂቃ ገደማ ነው። በ24 ፋንታ በ12 ያካፈለ ሰው 7.125 ዲግሪ ያገኛል፤ ቴፐሩም እጥፍ ይሆናል።

ስህተቱን ከመቁረጥ በፊት መያዝ ይቻላል። የንድፉ ትልቅ ዲያሜትር 1¼ ኢንች፣ ትንሹ 1 ኢንች፣ የቴፐሩ ርዝመት 2 ኢንች ነው እንበል። በሚሊ ሜትር 31.75፣ 25.40 እና 50.8 ይሆናል። የሁለቱን ዲያሜትሮች ልዩነት ለ2 አካፍለን በርዝመቱ ስናካፍል 0.0625 እናገኛለን፤ 1.5ን ለ24 ማካፈልም ይህንኑ ይሰጣል። ቁጥሩ የኢንችና የኢንች ንጽጽር ስለሆነ በሚሊ ሜትርም አይለወጥም። በ7.125 ዲግሪ ቢቆረጥ ግን የትንሹ ጫፍ ዲያሜትር 19.05 ሚሊ ሜትር ይሆንና ዘንጉ ይበላሻል።

ቀጥሎ ኮምፓውንዱን ማዞር ነው። በመጀመሪያ የስኬሉ ዜሮ የት እንዳለ እዩ። በአንዳንድ ቶርኖዎች ዜሮ የሚሆነው ኮምፓውንዱ ከዘንጉ ጋር ትይዩ ሲሆን ነው፤ በሌሎች ግን ዘንጉን በቀጥታ ሲያቋርጥ ነው፤ ያን ጊዜ የምትሞሉት 86.4 ዲግሪ ይሆናል። ስኬሉ ሙሉ ዲግሪ ብቻ ካለው 3.576ን በዓይን መሙላት አይቻልም። የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ስህተት በ50.8 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላይ ወደ 0.18 ሚሊ ሜትር የዲያሜትር ልዩነት ያመጣል፤ ለሚገጣጠም ቴፐር ይህ ብዙ ነው።

ስለዚህ በኢንዲኬተር እንሞላለን። ቀጥ ብሎ እንደሚዞር የተረጋገጠ ሲሊንደር በሁለት ሴንተር መካከል ይታሰራል። ኢንዲኬተሩ ቱል ፖስቱ ላይ በሴንተር ከፍታ ታስሮ የሲሊንደሩን ጎን ይነካል። ከዚያ ካሬጁ ሳይነካ ኮምፓውንዱ ብቻ 50 ሚሊ ሜትር ይነዳል። ኢንዲኬተሩ 3.12 ሚሊ ሜትር ከተንቀሳቀሰ አንግሉ ልክ ነው፤ ካልሆነ ብሎኑን በትንሹ አላልቶ ኮምፓውንዱን መታ መታ ማድረግና እንደገና መለካት ነው። የኮምፓውንዱ መንጃ ብሎን ልል ንባቡን እንዳያሳስት እጀታው ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይዙር። ቱሉ ሲታሰርም ጫፉ በትክክል በሴንተር ከፍታ ይሁን፤ ከዚያ ከወጣ አንግሉ ልክ ሆኖም ቴፐሩ ይበላሻል።

የመጨረሻው ምስክር ሰማያዊ ቀለም ነው። ዘንጉን በስሱ ቀብታችሁ በላዩ የሚገጠመውን ሃብ በትንሹ አስገቡና አዙሩ። ቀለሙ በትልቁ ጫፍ ብቻ ከተላጠ አንግሉ በዝቷል፤ በትንሹ ጫፍ ብቻ ከተላጠ አንሷል። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከተላጠ ሥራው አልቋል።

ንድፉ ወደ መሳቢያ ከመመለሱ በፊት በጠርዙ ላይ «ኮምፓውንድ 3.576 ዲግሪ፣ ግማሽ አንግል» ብላችሁ ጻፉ። «ግማሽ» የሚለውን ቃል አትርሱ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ቁጥሩን እንደገና ለ2 እንዳያካፍለው የሚጠብቀው እሱ ነው።